«ጸሐፊ፣ ዛሬም አርፍዷል»፦ አንዱን ያሳቀ ቀልድ ሌላውን ለምን ያቆስላል?

(ይህ ጽሑፍ ደብረ ማርቆስ ላይ ለአንድ የንባብ ክበብ አባላት ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ጨለማ ቀልድ ነው። ሞትን፣ በሽታን፣ እስርን፣ አደጋን ይዞ ስለሚመጣ ቀልድ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው አንዲት ነገር ጣል ያደርጋል። ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ሆዱን ይዞ ይስቃል፣ የሌላው ፊት ይጠቁራል። ለምን?

ብዙ ቀልድ መደርደር አልፈለግኩም። አንድ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። በራሴ ቤተሰብ ለቅሶ ላይ የተነገረ ነው። ቤተሰቡን አስፈቅጃለሁ፤ ስም ግን አልጠራም።

አጎቴ ደምበጫ ነበር የሚኖረው። በአንድ ነገር ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ያረፍዳል። ሰርግ ቢጠራ ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ ይደርሳል። የእድር ስብሰባ ከሆነማ ቅጣቱን በእጁ ይዞ ነው የሚገባው። እድራችሁ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ጸሐፊው ደብተር ይዞ ይቆማል፣ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ያረፈደም ይቀጣል። አጎቴ በዚያ ደብተር ላይ ስሙ ያልሰፈረበት ወር አልነበረም። ሰውም ይወደው ነበር። ሳይከራከር ይከፍላል፣ ከፍሎ ይስቃል።

ታመመና ባሕር ዳር ሆስፒታል ገባ። ሦስት ሳምንት ተኛ። አረፈ። ቀብሩ ደምበጫ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ እንዲሆን ተነገረ። አስከሬኑን የያዘው መኪና እንጅባራን እንዳለፈ ጎማ ፈነዳበት። ስኮርታው ደግሞ አየር አልነበረውም። ጎማ እስኪገኝ፣ እስኪቀየር፣ ቡሬንና ፍኖተ ሰላምን አልፎ እስኪመጣ 9 ሰዓት ተኩል ሆነ። ቀባሪው ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

ቀብሩ አለቀ። ድንኳን ተገባ። ንፍሮ እየቀረበ ነው፣ ማንም አይናገርም። ከዚያ ከአጎቴ ጋር ዕድሜ ልኩን የኖረ አንድ ሽማግሌ ወደ እድሩ ጸሐፊ ዞር አለና እንዲህ አለ፦

«ጸሐፊ፣ ያን ደብተር አውጣና መዝግበው። ዛሬም አርፍዷል። ቅጣቱን ከማን እንደምንቀበል ግን እንጃ።»

ድንኳኑ ሳቀ። ተራ ሳቅ አልነበረም። እንባ ያለበት፣ ነጠላ አፍ ላይ ተይዞ የሚሳቅ ሳቅ ነው። የአጎቴ ወንድ ልጅ ከሁሉም በላይ ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ። እኔም ሳቅሁ። አጎቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በመካከላችን ያለ መሰለኝ።

ሴት ልጁ ግን ተነስታ ወጣች። ምንም አልተናገረችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ወደ ጓሮ ሄደች። እስከ ማታ አልተመለሰችም።

አንድ አባት፣ ሁለት ልጆች፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። ሐዘናቸው አይበላለጥም። እኔ ይህን ጉዳይ ለዓመታት ሳነብና ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ በትክክል የገባኝ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

መጀመሪያ ሳቁን እንየው። ፒተር ማግሮውና ካሌብ ዋረን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ሳቅ የሚመጣው ሁለት ነገሮች ባንድ ጊዜ ሲገጥሙ ነው ይላሉ። አንደኛ፣ የሚያውክ ነገር አለ። ሥርዓት ተጥሷል፣ ነገሩ መሆን እንዳለበት አልሆነም። ሁለተኛ፣ ያ የሚያውከው ነገር ለሰሚው ጉዳት የሌለው ሆኖ ይታየዋል። ሁለቱ ደግሞ ተከታትለው ሳይሆን አብረው መታየት አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ሳቅ የለም።

መኮርኮርን አስቡ። ራሳችሁን ኮርኩራችሁ መሳቅ አትችሉም፤ የሚያስደነግጥ ነገር የለውምና። ወንድማችሁ ሲኮረኩራችሁ ትስቃላችሁ። ያው እጅ የማታውቁት ሰው እጅ ቢሆን፣ በጨለማ መንገድ ላይ ቢሆን፣ ትጮኻላችሁ። የተነካው ጎን አንድ ነው። የተለወጠው «ይሄ ሰው አይጎዳኝም» የሚለው እምነት ነው።

አሁን ወደ ድንኳኑ እንመለስ። የሽማግሌው ቀልድ በደንብ ያውካል። ሬሳን እንደ ሕያው ሰው ይቀጣል። ለቅሶን ከእድር ስብሰባ ጋር ይቀላቅላል። ይህ ሁሉ ነውር ነው። ጉዳት የሌለው የሚያደርገው ምንድን ነው? የተናገረው ወዳጁ ነው። ቅጣቱ ጥቂት ብር ነው። ማርፈዱ የሚወደድበት ጠባዩ ነበር። ወንድ ልጁ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ሰማ፤ የአባቱን ሞትም፣ የአባቱን ጠባይም። ስለዚህ ሳቀ።

ሴት ልጁስ? እኔ በዚያን ሰዓት የገመትኩት እንደ ማንም ሰው ነበር። ሐዘኑ ከብዷት ነው፣ ወይም አዲስ አበባ ስለኖረች የእድሩን ነገር አታውቀውም አልኩ። ሁለቱም ስህተት ነበር። እውነቱን የነገረችኝ ከሰልስቱ በኋላ ነው። ባሕር ዳር ሆስፒታል ሦስቱንም ሳምንት አልጋው ሥር ያደረችው እሷ ናት። በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ መርምሮ ሲጨርስ ምን አላት? «አርፍዳችኋል።» ሕመሙ ሲጀምረው ቶሎ ብትመጡ ኖሮ የምናደርገው ነበር ማለቱ ነው። አባቷን ሂድ እንሂድ ስትለው፣ «ከመኸሩ በኋላ» እያለ ያዘገየው ራሱ ነበር። እሷ ግን አጥብቄ አልጎተትኩትም ብላ ራሷን ትከሳለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያቺ አንዲት ቃል ጆሮዋ ውስጥ ስትጮህ ነበር።

ሽማግሌው «ዛሬም አርፍዷል» ሲል ድንኳኑ የሰማው የእድሩን ደብተር ነው። እሷ የሰማችው ሐኪሙን ነው።

እዚህ ጎጃም ውስጥ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ የለብኝም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ያሉት የቅኔ ቤቶች ለዘመናት ያስተማሩት ይህንኑ ነው። ሰም አለ፣ ወርቅ አለ። ኅብር የሚባለው ደግሞ አንዲት ቃል ሁለት ፍች ተሸክማ ስትመጣ ነው። በሽማግሌው ቀልድ ውስጥ «አርፍዷል» ኅብር ናት። ለቀባሪው ሁለት ፍች ነበራት፤ ሕያው ሆኖ ያረፍድ የነበረው ሰውና ሞቶ ያረፈደው አስከሬን። ለሴት ልጁ ግን ሦስተኛ ፍች ነበራት። ተናጋሪው ያላስቀመጠው፣ ሊያውቀውም የማይችል ፍች።

በቀልድ ስለተቀየመ ሰው «አልገባውም» ማለት ስለለመድን ነው ይህን የማስረዝመው። «ቀልድ አያውቅም» እንላለን። የተቀየመ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ቀልዱን ከሌላው ሰው አንድ ፍች ጨምሮ የሰማ ሰው ነው። የጎደለው ነገር የለም፣ የተረፈው ነው ያለው።

በዚህ ላይ አንድ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ጥናት አለ፤ በተሳሳተ መንገድ ስለሚጠቀስ ላንሳው። እ.ኤ.አ. በ2017 ቪየና ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ለ156 ሰዎች 12 የጨለማ ቀልድ ካርቱኖች አሳዩ። ምን ያህል ገባችሁ፣ ምን ያህል ወደዳችሁ ብለው ጠየቁ። የአእምሮ ችሎታቸውን፣ ስሜታቸውንና የቁጣ ዝንባሌያቸውንም ለኩ። ቀልዱን በጣም የወደዱትና በደንብ የገባቸው ሰዎች በአእምሮ ፈተናው ከፍ ያሉ፣ በቁጣ ዝቅ ያሉ፣ ስሜታቸውም የተረጋጋ ሆነው ተገኙ። ከሁሉም ያነሰ የወደዱት ደግሞ ችሎታቸው መካከለኛ ሆኖ ስሜታቸው የታወከና ቁጣቸው ከፍ ያለው ነበሩ።

ከዚህ ውስጥ ሰው የሚመዘው «በጨለማ ቀልድ የሚስቅ ብልህ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። እኔ ትልቁ ነገር ሌላው ይመስለኛል። አንደኛ፣ በሞት ቀልድ የሚስቅ ሰው ጨካኝ ነው የሚለው ግምት አልተደገፈም፤ እንዲያውም ቁጣቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለተኛ፣ የሰሚው ስሜት በዚያ ቀን የት እንዳለ ወሳኝ ነው። ሆዱ የታወከ ሰው «ይሄ አይጎዳኝም» የምትለዋን ለማግኘት አቅም ያንሰዋል። የጥናቱም ልክ መታወቅ አለበት። ካርቱን የማታውቀው ሰው ሥዕል ነው። በሥዕሉ ላይ የተኛው ሬሳ የማንም አባት አይደለም። ስለ ድንኳን ብዙ አይነግረንም።

ስለ ድንኳን ይበልጥ የሚነግረን የርቀት ጉዳይ ነው። እነ ማግሮው ይህንንም አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2012 ሳንዲ የተባለ ታላቅ አውሎ ነፋስ የአሜሪካን ምሥራቃዊ ዳርቻ መታ። ሰው ሞተ፣ ቤት ፈረሰ። በትዊተር ላይ በነፋሱ ስም የሚቀልድ ሰው ነበር። ተመራማሪዎቹ እነዚያኑ ቀልዶች ወስደው በተለያዩ ቀናት ለተለያዩ ሰዎች አሳዩ። ነፋሱ ሳይደርስ ሰው ፈገግ ይል ነበር። ጉዳቱ እየታወቀ ሲመጣ ቀልዱ አላስቅ አለ። ከዚያ ቀስ እያለ ተመለሰ። ከሁሉም በላይ ያሳቀው ነፋሱ ከመታ በ36ኛው ቀን አካባቢ ነው። በ99ኛው ቀን ደግሞ እንደገና ወርዷል።

መጨረሻ ላይ ለምን ወረደ? ጊዜ የሚያውከውንም ጭምር ስለሚወስደው ነው። በጣም ሲቀርብ ያማል፣ በጣም ሲርቅ ግድ አይሰጥም። ሳቅ በመሐል ያለች ጠባብ መንገድ ናት። የእኛን ሽማግሌ ቀልድ አጎቴን ለማያውቅ የሐዋሳ ሰው ብትነግሩት አይቀየምም፣ ግን አይስቅምም። «እና?» ይላችኋል።

የመንገዷ ስፋት ደግሞ እንደ ጉዳቱ መጠን ይለያያል። ከባድ ነገር ለማሳቅ ርቀት ይፈልጋል። ቀላል ነገር ግን የሚያስቀው ትኩስ ሆኖ ነው። ዛሬ ጠዋት የቡና ሲኒ እጃችሁ ላይ ቢገለበጥ ማታ ታስቁበታላችሁ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ብታወሩት ማንም አይሰማችሁም። መኪና ገጭቷችሁ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው።

36ኛው ቀን የሚለውን ሳነብ እኔ ወዲያው ያሰብኩት አርባን ነው። አውሎ ነፋስና የአባት ሞት አንድ ስላልሆኑ ቁጥሩ ተገጣጠመ ብዬ ምንም ማስረጃ አላደርገውም። ግን አባቶቻችን ለሐዘን ቀን መቁረጣቸውን አስተውሉ። ሰልስት፣ አርባ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። በየደረጃው ቤቱ ምን እንደሚፈቅድ ይለያያል። በሰልስት ድምፅ ዝቅ ይላል። በአርባ ግን ስለ ሟቹ ጨዋታ ይነሳል፣ ጠባዩ ይወራል፣ ይሳቃል። የሽማግሌው ቀልድ በአርባ ቀን ቢነገር ኖሮ ምናልባት ያቺ ልጅ ከድንኳን አትወጣም ነበር። ምናልባት ነው የምለው። የቀን መቁጠሪያ ለመንደሩ የጋራ ነው፤ ቁስል ግን በራሱ ቀን ነው የሚሽረው።

ከርቀት ቀጥሎ የሚመጣው «ማን ተናገረው» ነው። ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1927 ስለ ቀልድ በጻፈው ጽሑፍ የሚያነሳው ምሳሌ አለ። ሞት የተፈረደበት ሰው ሰኞ ጠዋት ወደ መሰቀያው ይወሰዳል። «ሳምንቱ በደንብ ጀመረ» ይላል። ሟቹ ራሱ ነው የተናገረው፤ ስለዚህ እንስቃለን፣ እናደንቀዋለንም። ሞት ልቡን እንዳልወሰደበት እናያለንና። ያችኑ ቃል ሰቃዩ ቢናገራትስ? አንዲት ፊደል ሳትለወጥ ቀልዱ ግፍ ይሆናል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው ይሄው ነው።

በእኛም ድንኳን ይኸው ታይቷል። ከሽማግሌው ቀጥሎ አንድ ሌላ ሰው ሳቁን አየና ለመጨመር ፈለገ። «ድሮስ ከሱ ምን ይጠበቃል!» አለ። ማንም አልሳቀም። ንፍሮ የያዙ እጆች ቆሙ። ይህ ሰው ከአጎቴ ጋር የድንበር ክስ ነበረው። ጉዳዩ ያው ነው፤ ያረፈደ ሬሳ። ግን ሁለት ነገር ተለውጧል። ተናጋሪው ወዳጅ መሆኑ አልታመነም። የቀልዱም አቅጣጫ ዞሯል። ሽማግሌው የቀለደው በሞትና በእድሩ ደንብ ላይ ነው። ሞት መጥቶም ደብተሩ አላረፈም፣ ያ ነው የሚያስቀው። በዚያ ደብተር የሱም ስም አለ፤ ነገ እሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ሁለተኛው ሰው የቀለደው በሟቹ ላይ ነው። እሱን ደብተር አይመለከተውም፣ የሚመለከተው ክሱ ነው።

አንድን የሞት ቀልድ መመርመር ስፈልግ የማደርገው ይህንን ነው። የሚስቅበትን ነገር አወጣና በቦታው ራሱን ተናጋሪውን አስገባበታለሁ። የሽማግሌው ቀልድ ሽማግሌው ቢሞትና ቢያረፍድም ይሠራል። የሁለተኛው ሰው ንግግር ግን በራሱ ላይ ቢዞር ስድብ ብቻ ነው የሚቀረው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥፋት ልምጣ፤ ይሄኛው ነው ቤተሰቡን በጣም ያስጨነቀው። በማግስቱ አንድ የዘመድ ልጅ ቀልዱን ከቀብሩ ፎቶ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ክፉ አላሰበም፤ ድንኳን ውስጥ ሲሳቅ አይቶ ነው። በሰዓታት ውስጥ የማናውቃቸው ሰዎች የሳቅ ምልክት ደረደሩበት። አንዱ «ሟች ሙስና ለምዶ ነው» ብሎ ጻፈ። ይህን ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሳቀው ወንድ ልጁ ራሱ ተቆጣ። «አባቴን መሳቂያ አደረጋችሁት» አለ።

ትናንት ሲስቅ ዛሬ ምን ነካው ያላችሁ ትኖራላችሁ። ምንም አልነካውም። ትናንት ጉዳት የሌለው ያደረገው ነገር ሁሉ ዛሬ ተገፏል። ሽማግሌው የለም፣ ለዓመታት የተከፈለው ቅጣት የለም፣ አብሮ የተለቀሰው እንባ የለም። የቀረው የሬሳ ሣጥንና ሳቅ ነው። ቀልድ ከቤቱ ሲወጣ ቃሉ አብሮ ይሄዳል፣ ዋሱ ግን እዚያው ይቀራል። በዚህ ላይ አሁን በአካባቢያችን ሐዘን ያልነካው ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም። ፎቶውን ከሚያየው ሰው መካከል የራሱን ሣጥን የሚያይበት ስንቱ እንደሆነ የለጠፈው ልጅ ሊያውቅ አይችልም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ቀልደኞች ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። «ሁሉም ስቋል እኮ!» ይላሉ። ሳቅ ግን ሁልጊዜ መስማማት አይደለም። ሮበርት ፕሮቫይን የተባለ ሳቅን ለረጅም ጊዜ ያጠና ሰው፣ ሰው ብቻውን ከሚስቀው ይልቅ ከሰው ጋር ሲሆን 30 እጥፍ ያህል እንደሚስቅ አግኝቷል። ሳቅ ይጋባል። ያን ቀን የልጅቱ ባል አጠገቤ ነበር። ጥርሱ ሳቀ። ዓይኑ ግን ሚስቱ በወጣችበት በር ላይ ነበር። እጁ ውስጥ ያለውን ንፍሮ ሳይበላ መልሶ ሳህኑ ላይ አደረገው። ድምፅ የሚቆጥር ሰው እሱንም ከሳቁት ጋር ይቆጥረዋል። እኔ ከዚያ ወዲህ የምመለከተው ዓይንና እጅን ነው።

ሽማግሌው ነገሩን ሲሰማ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። «ቀልድ ነው፣ ምን አለበት» አላለም። ወደ ልጅቱ ሄደ። «ልጄ፣ ሐኪሙ ያለሽን አላወቅኩም፤ ባውቅ አፌ ይቆረጥ ነበር» አላት። እሷም «አባባ፣ እርስዎ ምን አደረጉ» አለችው። አልተጣሉም። እሱ ክፉ አልተናገረም፣ እሷም ያለ ነገር አልተከፋችም። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ይህን መቀበል ለብዙ ሰው ይከብደዋል። አንዱ ማጥፋት አለበት ብለን እናስባለንና።

በአርባው ቀን ቀልዱን ማንም አላነሳውም።

በሙት ዓመቱ እንደገና ደምበጫ ተሰበሰብን። ካህኑ ከሌላ ተስካር ዘግይቶ መጣ። እንግዳው ሰዓት እያየ ነው። አዲስ የመጣች የጎረቤት ሙሽራ «ጋሼ እንዴት ያለ ሰው ነበሩ?» ብላ ጠየቀች። ሴት ልጁ ናት የመለሰችላት። ስለ እድሩ ነገረቻት፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ፈነዳው ጎማ። ሽማግሌውን እያየች የሱን ቃል በሱ ድምፅ ተናገረችው፦

«ጸሐፊ፣ ያን ደብተር አውጣና መዝግበው። ዛሬም...» አለችና ቆም አለች። «ዛሬም ዘግይቷል» ብላ ጨረሰችው።

«አርፍዷል» አላለችም። ቀልዱ በዚህች ለውጥ ትንሽ ቀዝቅዟል፣ ሰውም እንደዚያን ቀን አልሳቀም። እሷ ግን ሳቀች።